ካርድ፣ መስተንግዶና ቲፕ በሲያትል

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትልን ጨምሮ፣ ያልታሸገ ምግብ የሚነካ ሠራተኛ ሁሉ የምግብ ሠራተኛ ካርድ ማውጣት አለበት። ካርዱ በተቀጠረ በ14 ቀን ውስጥ ይወጣል፤ አዲስ ካርድ ለ2 ዓመት ያገለግላል። በኢንተርኔት ፈተናው የሚሰጠው foodworkercard.wa.gov በተባለው ድረ ገጽ ብቻ ነው። ከሌላ ድረ ገጽ የተገዛ ካርድ ተቀባይነት ስለሌለው ገንዘቡ ይባክናል። ትምህርቱ በተግባር ይፈተናል፦ እጅ በሚገባ ይታጠባል፣ ተዘጋጅቶ ለመበላት የቀረበ ምግብ በባዶ እጅ አይነካም፣ ቀዝቃዛ ምግብ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ አይቆይም።

መስተንግዶው ደንበኛ እስኪጠራ አይጠብቅም። አስተናጋጁ ቀድሞ ሰላምታ ይሰጣል፤ ምግቡ ቀርቦ ጥቂት ከተቀመሰ በኋላ ተመልሶ የጎደለ ነገር እንዳለ ይጠይቃል። ደንበኛ የምግብ አለርጂ እንዳለበት ከተናገረ በግምት መመለስ አደገኛ ስለሆነ ወጥ ቤቱን ጠይቆ ያረጋግጣል።

ቲፕ በተለምዶ ከሒሳቡ ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። ደንበኛው በ60 ዶላር ሒሳብ ላይ 20 በመቶ ቢጨምር 12 ዶላር ይሆናል። በዋሽንግተን ግዛት ይህ ገንዘብ ከዝቅተኛው ደመወዝ በላይ የሚከፈል ነው፤ አሠሪው የደመወዙ አካል አድርጎ ሊቆጥረው አይችልም። በብዙ ሌሎች ግዛቶች ግን አሠሪው በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ ሊከፍል ይችላል፤ ቲፑ ተጨምሮ 7.25 ዶላር ካልሞላ ልዩነቱን የመሙላት ግዴታ አለበት። ስለዚህ ሠራተኛው የሠራበትን ሰዓትና የተቀበለውን ቲፕ በየቀኑ መዝግቦ ከደመወዝ ወረቀቱ ጋር ሲያመሳክር ጉድለቱን ያውቃል።