ዐሥር መለኪያ በሁለት ሲበለጥ

«ሞተር ትሬንድ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1974 እ.ኤ.አ. ካወጣው ዘገባ የተወሰደ የ32 መኪኖች መረጃ አለ። አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ `mtcars` በሚል ስም ይገኛል። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ መኪናው በአንድ ጋሎን ቤንዚን ስንት ማይል ይሄዳል?

በክብደቱ ብቻ ብንገምት አር-ስኩዌር 0.753 ይወጣል። መኪኖቹ በአንድ ጋሎን በሚሄዱት ርቀት ካላቸው ልዩነት ውስጥ 75 በመቶውን ክብደት ያስረዳል ማለት ነው። የፈረስ ጉልበት ስንጨምርበት 0.827፣ ያሉትን ዐሥር መለኪያዎች በሙሉ ስናስገባ ደግሞ 0.869 ይደርሳል። ታዲያ ዐሥሩ ይሻላሉ?

እዚህ ላይ ሪግረሽን እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ስሌቱ የሚፈልገው የግምት ስሕተቶች ስኩዌር ድምር የሚያንስበትን ቀመር ነው። አዲስ መለኪያ ሲመጣለት ምንም ካልጠቀመው በዜሮ አባዝቶ ይተወዋል፤ ስለዚህ ስሕተቱ ከበፊቱ ሊበልጥ አይችልም። በእውነተኛ መረጃ ላይ ግን ልክ ዜሮ አይገኝም። ዕጣ እያወጣን የሞላነው የቁጥር ዓምድ እንኳ ከ32ቱ መኪኖች ጋር በአጋጣሚ ትንሽ ይገጥማል፣ አር-ስኩዌርም ከፍ ይላል። ይህ ጭማሪ ስለ መኪና የሚነግረን ነገር የለም።

የተስተካከለው አር-ስኩዌር ለእያንዳንዱ መለኪያ ዋጋ ያስከፍላል፤ n የመኪኖቹ፣ p የመለኪያዎቹ ብዛት ነው።

```
1 - (1 - R²)(n - 1)/(n - p - 1)
```

ለዐሥሩ 0.131 በ31 ተባዝቶ ለ21 ሲካፈል 0.193 ይሆናል፤ ከ1 ሲቀነስ 0.807 ይቀራል። በክብደትና በፈረስ ጉልበት ብቻ የተሠራው ግን 0.815 ነው። ሁለቱ ዐሥሩን በለጡ! እንዲያውም በዐሥሩ ሞዴል ውስጥ በተለመደው የ5 በመቶ መስፈርት ያለፈ አንድም መለኪያ የለም። ክብደት፣ ሲሊንደርና የፈረስ ጉልበት አብረው ስለሚጨምሩ የየራሳቸውን ድርሻ መለየት አልተቻለም።

ይህ መለኪያ ግን ለእኔ ለዘብተኛ ነው። የአዲሱ መለኪያ ግምት ከመደበኛ ስሕተቱ ትንሽ እንኳ ከበለጠ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ከንቱ መለኪያ ከሦስት ጊዜ አንዴ ያህል ያልፋል። ጃፓናዊው ሂሮቱጉ አካይኬ በ1970ዎቹ ያቀረበው ኤአይሲ ጠበቅ ይላል፤ በብዙ መረጃ ላይ ከንቱው የሚያልፈው ከስድስት ጊዜ አንዴ ገደማ ነው። እዚህ የሚመረጠው ትንሹ ቁጥር ነው፦ ክብደት ብቻውን 166.0፣ ከፈረስ ጉልበት ጋር 156.7፣ ዐሥሩ 163.7።

ኤአይሲ የሚነጻጸረው በአንድ ዓይነት መረጃ ላይ ብቻ ነው። አዲሱ መለኪያ ለአምስት መኪኖች ከጎደለ ፕሮግራሙ እነዚያን ረድፎች ጥሎ በ27ቱ ያሰላል፤ ኤአይሲውም የሚያንሰው መኪኖቹ ስላነሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች ከማስተያየት በፊት እያንዳንዱ ሞዴል በስንት ረድፍ እንደተሠራ `nobs()` ብሎ ማየት ነው።