ስምንት ጠጠር ለአራት ሰው

አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። እያንዳንዳቸው አራት አራት ካርታ ይዘዋል፤ አያያዛቸው ግን ለየት ይላል። የካርታው ፊት ወደ ጓደኞቻቸው፣ ጀርባው ወደ ራሳቸው ነው። ሁሉም የሌላውን ያያል፤ የራሱን አያይም። መሃል ላይ ስምንት ሰማያዊ ጠጠሮች አሉ። አንዱ ለሌላው ስለ ካርታው ፍንጭ መስጠት ከፈለገ ከእነዚህ አንዷን መክፈል አለበት። ጠጠሮቹ ባለቤታቸው ሁሉም ነው። ካለቁ ማንም ለማንም ምንም መናገር አይችልም።

ጨዋታው ሃናቢ ይባላል። ቃሉ ጃፓንኛ ነው፤ ርችት ማለት ነው። የፈጠረው ፈረንሳዊው አንትዋን ባውዛ ሲሆን፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2013 በጀርመን በየዓመቱ የሚሰጠውን የ«ዓመቱ ጨዋታ» ሽልማት ወስዷል። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ አይሸናነፉም፤ ወይ አብረው ያሸንፋሉ፣ ወይ አብረው ይወድቃሉ። ገበጣና ዳማ ለለመደ ሰው ይህ መጀመሪያ ግር ይላል፤ ማንን ነው የምናሸንፈው ያሰኛል። መልሱ፣ እጥረቱን ነው።

የመተባበር ጨዋታ የሚነድፍ ሰው ሁሉ አንድ ችግር ይገጥመዋል፤ የጠረጴዛው አለቃ። አሜሪካዊው ማት ሊኮክ በ2008 ያወጣውን ፓንደሚክን እንውሰድ። ተጫዋቾች በዓለም ካርታ ላይ እየተዘዋወሩ አራት በሽታዎችን ይዋጋሉ፤ በየተራው እያንዳንዱ አራት ድርጊት አለው። ግሩም ጨዋታ ነው። ነገር ግን ሁሉም ነገር በግልጽ ስለሚመከርበት፣ ከመካከላቸው ልምድ ያለው አንዱ «አንተ ወደዚህ ሂድ፣ አንቺ ያን ስጪው» እያለ የአራቱንም ተራ ብቻውን ሊጫወተው ይችላል። የቀሩት ሦስቱ እጃቸውን ያውሳሉ እንጂ አይጫወቱም።

ድርጊቱን ከእያንዳንዱ ሰው ኪስ አውጥቶ መሃል ላይ ማስቀመጥ ይህን በሽታ በራሱ አይፈውሰውም። እንዲያውም ሊያብሰው ይችላል፤ የጋራ ካዝና ሲኖር ቁልፉን የሚይዝ አይጠፋምና። ባውዛ ሁለቱን አንድ ላይ ነው ያጋባው፤ ካዝናውን የጋራ፣ ዕውቀቱን ደግሞ የተከፋፈለ አደረገው። አለቃ ልሁን የሚለው ሰው የራሱን ካርታ አያውቅም። ሊያዝ አይችልም፤ ለመናገርም ቢሆን መክፈል አለበት።

የጨዋታው ሕግ አጭር ነው። ካርታዎቹ 50 ናቸው፤ አምስት ቀለም፣ በየቀለሙ ከ1 እስከ 5 ቁጥር። 1 ቁጥር በየቀለሙ ሦስት ሦስት አለ፤ 2፣ 3 እና 4 ሁለት ሁለት፤ 5 ግን አንድ ብቻ። ግቡ እያንዳንዱን ቀለም ከ1 ጀምሮ በቅደም ተከተል እስከ 5 ጠረጴዛው ላይ መደርደር ነው፤ ሙሉ ውጤት 25። ተራ የደረሰው ሰው ከሦስት ነገሮች አንዱን ያደርጋል። አንድ ጠጠር ከፍሎ ለአንድ ጓደኛው ስለ አንድ ቀለም ወይም ስለ አንድ ቁጥር ይነግራል፤ «እነዚህ ሁለቱ ቀይ ናቸው» እንደማለት። ወይም ከራሱ አንዱን ካርታ ሳያየው አስወግዶ አንድ ጠጠር ወደ መሃል ይመልሳል። ወይም አንዱን ካርታ ይደረድራል። የደረደረው ቦታው ካልሆነ ስህተት ይቆጠራል፤ ሦስት ስህተት ጨዋታውን ያፈርሳል።

ቁልፉ ሁለተኛው ላይ ነው። ጠጠር በነፃ አይመለስም። ለጋራው ካዝና የሚያዋጣው አንድ ሰው ነው፤ የሚያዋጣውም ምን እንደሆነ የማያውቀውን ካርታ ጥሎ ነው። ያ ካርታ ምናልባት አንድ ብቻ የነበረው 5 ሊሆን ይችላል። ትርፉ የሁሉም፣ ፍርሃቱ የአንዱ ነው።

ይህ ጠረጴዛው ላይ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንየው። መሃል የቀረው አንድ ጠጠር ብቻ ነው እንበል። ተራው የታላቅ እህት ነው። ቀጥሎ ያለው ወንድሟ አሁኑኑ ሊደረደር የሚችል ቀይ 1 ይዟል፤ አያውቀውም። ከእሱ ቀጥላ ያለችው ታናሽ እህት ደግሞ ነጩን 5 ይዛለች፤ ያውም ከእጇ ሁሉ የቆየው ካርታ እሱ ነው። ብዙ ተጫዋቾች ፍንጭ ካላገኙ የሚያስወግዱት የቆየውን ስለሆነ፣ ነጩ 5 ገደል አፋፍ ላይ ነው።

ታላቅየዋ ጠጠሯን ለወንድሟ ብትከፍል ቀዩ 1 ወዲያው ይደረደራል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ግን ካዝናው ባዶ ሆኗል። ታናሿ ተራዋ ሲደርስ የምታውቀው ነገር የላትም፤ የምትከፍለውም የላትም። የቆየውን ካርታ ታስወግዳለች፤ ነጩ 5 ይሄዳል፤ 25 ማግኘት ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አይቻልም። ጠጠሯን ለታናሿ ብትከፍል ደግሞ 5ቱ ይድናል፤ ወንድሟ ግን በባዶ ካዝና ላይ ተራው ይደርሰውና እሱ በጭፍን ያስወግዳል፤ ምናልባትም ቀዩን 1 ራሱን።

ሦስተኛ መንገድ አለ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ አያየውም። ታላቅየዋ ለማንም አትናገርም፤ የራሷን የቆየ ካርታ ታስወግዳለች። ካዝናው ሁለት ይሆናል። ወንድሟ በአንዱ «ይህ 5 ነው» ብሎ ታናሿን ያስጠነቅቃል። ታናሿ በሁለተኛው «ይህ 1 ነው» ብላ ወንድሟን ታሳውቃለች። አራተኛው ሰው ባዶ ካዝና ይጠብቀዋል፤ እሱም አስወግዶ አንድ ይመልሳል። ተራው ዞሮ ወንድሟ ጋ ሲደርስ ቀዩ 1 ይደረደራል። ታላቅየዋ በተራዋ አንዳች ያደረገች አትመስልም፤ ቤቱን ያዳነችው ግን እሷ ናት። አንድ የጋራ ካዝና እንዲህ ያለ ተራ ካልወለደ ነዳፊው ሥራውን አልጨረሰም።

ካዝናው ጣሪያም አለው። ስምንቱም ጠጠሮች መሃል ካሉ ማስወገድ ክልክል ነው። ይህች ትንሽ ሕግ ባትኖር፣ ፈሪ ቡድን ካርታ እየጣለ ጠጠር ሲያከማች ይውል ነበር። ጣሪያው «ካላችሁ አውጡ» ይላል፤ ወለሉ ደግሞ «ከሌላችሁ ድፈሩ»።

ስምንት የሚለው ቁጥር ልክ ይሁን አይሁን ደግሞ በስሜት አይታወቅም፤ ይቆጠራል። አራት ሰዎች 16 ካርታ ከወሰዱ በኋላ ከ50ው 34 ይቀራል። አንድ ካርታ በተደረደረ ወይም በተወገደ ቁጥር ከክምሩ አንድ ይነሳል። ሙሉ ውጤት 25 መደርደር ስለሚጠይቅ ለማስወገድ የሚቀረው 9 ነው። የመጨረሻው ካርታ ከተነሳ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ተራ ይጨመራል፤ በእነዚያ አራት ተራዎች አራት ካርታ ከተደረደረ የማስወገጃው ብዛት ወደ 13 ከፍ ይላል። ስምንቱ መነሻ፣ 13ቱ በማስወገድ የተመለሱ፤ አንድ ቀለም በ5 ሲሞላም አንድ ጠጠር በጉርሻ ይመለሳል። የመጨረሻው ጉርሻ ጨዋታው ስላለቀ አይጠቅምም፤ አራት እንበል። ድምሩ 25 ፍንጭ ነው።

ለ25 ካርታ 25 ፍንጭ፣ ያውም ሁሉ ነገር ከሰመረ። 5ን ለማዳን የወጣች እያንዳንዷ ጠጠር ለሌላ ካርታ የምትጎድል ናት፤ ስለዚህ ቡድኑ በአንድ ፍንጭ ሁለት ነገር መናገርን መማር አለበት። አምስተኛ ሰው ሲጨመር ያው ስሌት 22 ይሰጣል። ሰው በበዛ ቁጥር ካዝናው ይጠባል፤ ብዙ ነዳፊዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ሃናቢ ያፈስሳል። ወንድሟ ካርታ ሊያስወግድ እጁን ሲዘረጋ ታላቅየዋ ትንፋሿን ከሳበች፣ ፍንጭ በነፃ ሰጠች ማለት ነው። ሳል፣ የቅንድብ ንቅናቄ፣ «እርግጠኛ ነህ?» የሚል ጥያቄ ሁሉ ከካዝናው ሳይከፈል የወጣ ወጪ ነው። ለዚህ ሕጉ ብቻውን አይበቃም፤ የተጫዋቾቹን ጨዋነት ይጠይቃል። አንድ ቡድን ያለማቋረጥ ሙሉ ውጤት እያመጣ ጠጠሮቹ ሳይነኩ ከቀሩ ፊቶቹን ማየት ይሻላል።

የተለየ መንገድ የያዙም አሉ። በ2017 የወጣው ኮድኔምስ ዱዌት፣ የቭላዳ ሕቫቲልና የስኮት ኢተን ሥራ፣ ጠጠር ጨርሶ አይመልስም። ሁለት ወገኖች 15 ቃላት ማግኘት አለባቸው፤ ያላቸው ግን 9 ዙር ብቻ ነው። አንድ በአንድ ከሄዱ አይደርሱም። የማይሞላ ካዝና ለመንደፍ ይቀላል፤ ውጥረቱም ወደ መጨረሻው ይከማቻል። ማን ለማን ይሠዋ የሚለው ጥያቄ ግን የለበትም፤ ለዚህ ጸሐፊ ሃናቢ የሚበልጠው በዚያ ነው።

የራሱን ካዝና መሞከር የሚፈልግ ሰው ሳጥን መግዛት የለበትም። ሦስት ጥቅል ተራ ካርታና ስምንት የለስላሳ ቆርኪ ይበቃዋል። ከአራቱ ዓይነቶች ከእያንዳንዱ ሦስት 1 (ኤሱን እንደ 1 ቆጥሮ)፣ ሁለት ሁለት 2፣ 3 እና 4፣ አንድ 5 ይውሰድ፤ 40 ካርታ ይሆናል። በየተራው መጨረሻ መሃል የቀረውን ቆርኪ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 6፣ 7፣ 8 ላይ ከዋለ ካዝናው ሰፍቷል፤ ማንም አያመነታም። 0 እና 1 ላይ ከተጣበቀ ጠቧል፤ ተራ የደረሰው ሁሉ ከማስወገድ ሌላ ምርጫ የለውም። ወደ ላይም ወደ ታችም የሚመላለስ ከሆነ ይሠራል።

አንድ ቀለም መቀነሱ ጨዋታውን ያቀለለ ይመስላል፤ ስሌቱ ግን ሌላ ይላል። አራት ሰዎች 16 ወስደው 24 ይቀራል፤ 20 መደርደር አለበት፤ ማስወገጃው ቢበዛ 8 ነው። ከስምንቱ ቆርኪና ከሦስት ጉርሻ ጋር 19 ፍንጭ ለ20 ካርታ ይደርሳል። ለመጀመሪያው ማታ ዘጠነኛ ቆርኪ ይጨምሩበት።