ተበዳሪው ሲከስር ገንዘብ ጠያቂዎች በምን ቅደም ተከተል ይከፈላቸዋል?

በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 መሠረት በአንድ ነጋዴ ላይ የኪሳራ ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ፣ መያዣ የሌላቸው ገንዘብ ጠያቂዎች ዕዳቸውን በየግላቸው ማስፈጸም አይችሉም። የባለዕዳው ንብረት በአንድነት ተጣርቶ ይከፋፈላል። ቀድሞ መክሰስ ወይም ደጋግሞ መጠየቅም ቅድሚያ አያስገኝም።

ለምሳሌ የከሰረ አንድ ነጋዴ የግብር ዕዳ የሌለበት ሲሆን፣ ለባንክ በመያዣ የሰጠው ሕንፃ 3,000,000 ብር፣ ሌላው ንብረቱ ደግሞ 1,000,000 ብር ተሸጧል እንበል። ባንኩ የሚጠይቀው 3,500,000 ብር ነው። የሕንፃው ሽያጭ ለባንኩ ይከፈላል፤ ያልተሸፈነው 500,000 ብር ግን መያዣ እንደሌለው ዕዳ ይቆጠራል።

ከሌላው ንብረት ሽያጭ አስቀድሞ የማጣራት ወጪ 100,000 ብር ይቀነሳል። ቀጥሎ የሠራተኞች ውዝፍ ደመወዝ 200,000 ብር ይከፈላል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ የሠራተኛ ክፍያ ቀዳሚነት አለውና። ቀሪው 700,000 ብር ነው።

ይህን ገንዘብ ባንኩ በ500,000፣ አንድ ዕቃ አቅራቢ በ600,000፣ ሌላው አቅራቢ በ300,000 ብር ይጋሩታል። ጠቅላላ ጥያቄያቸው 1,400,000 ብር ስለሆነ ለእያንዳንዱ ብር 50 ሳንቲም ይደርሳል። ስለዚህ ባንኩ 250,000፣ አቅራቢዎቹ 300,000 እና 150,000 ብር ያገኛሉ።

በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የተሰጠ መያዣ ካልተመዘገበ ቅድሚያ አያስገኝም፤ በአንድ ንብረት ላይ በርካታ መያዣዎች ሲኖሩም ቀድሞ የተመዘገበው ይቀድማል። በመሆኑም ገንዘብ ጠያቂዎች የመያዣ ምዝገባቸውን አስቀድመው እንዲያረጋግጡ፣ የዕዳ ማስረጃቸውንም ፍርድ ቤቱ በሚወስነው ጊዜ ውስጥ እንዲያቀርቡ ይመከራል።