የቆየ ዕዳ በተጠየቀ ጊዜ ምን ይጻፋል? ምንስ ይመለሳል?

ገንዘብ የተበደረ ሰው ነገሩን ከረሳው ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ፥ አንድ የማያውቀው ሰው በደጁ ቆሞ ወይም በስልክ ጠርቶ «የእገሌን ገንዘብ ክፈል» ቢለው፥ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ተቈጥቶ «አላውቅም» ብሎ ይክዳል፤ ወይም አፍሮ «እሺ፥ ቀስ ብዬ እከፍላለሁ» ይላል። ሁለቱም ሳይመረመሩ የተሰጡ መልሶች ናቸው። ቁጣ በወረቀት የሚረጋገጠውን ነገር አስክዶ ሰውን በዳኛ ፊት ያዋርዳል። ኀፍረት ደግሞ ሊያበቃ የተቃረበውን ዕዳ እንደገና ያስጀምራል። ስለዚህ ከጥያቄው በኋላ፥ ከመልሱም በፊት፥ ባለቤቱ ምን መጻፍና ምን መመርመር እንዳለበት በዚህ ገጽ ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

አስቀድሞ ሕጉን ማወቅ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1845ኛው አንቀጽ እንደሚያዘው፥ ስለ ውል የሚቀርብ ክስ ሌላ የተለየ ድንጋጌ ከሌለ በዐሥር ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ይህም ይርጋ ይባላል። ዐሥሩ ዓመት የሚቈጠረው ገንዘቡ ከተሰጠበት ቀን ሳይሆን መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው።

ነገር ግን ይህ ቈጠራ ሊቋረጥ ይችላል። በ1851ኛው አንቀጽ እንደ ተጻፈው የሚቋረጠው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው አበዳሪው ክስ ሲያቀርብ ነው፤ ሁለተኛው ባለዕዳው ራሱ ዕዳውን ሲያምን ነው። ማመን ማለትም በቃል «አለብኝ» ማለት ብቻ አይደለም። ወለድ መክፈል፥ ከዕዳው ጥቂት ማጉደል፥ መያዣ ወይም ዋስ መስጠት ሁሉ እንደ ማመን ይቈጠራል። ቈጠራው በተቋረጠ ጊዜ ያለፈው ዓመት ሁሉ ይቀርና ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ቈጠራ ይጀመራል። የአበዳሪው ወኪል ስልክ ቢደውል፥ ደብዳቤ ቢጽፍ፥ ደጅ ቢመላለስ ግን ይህ ብቻውን ይርጋውን አያቋርጠውም። ብልህ የሆነ ዕዳ አስከፋይ ሁሉን ገንዘብ ሳይሆን መጀመሪያ ጥቂት ብር የሚለምነው ስለዚህ ነው።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ኅዳር 5 ቀን 1995 ዓ.ም. ከአንድ ነጋዴ 60,000 ብር ተበድሮ፥ ኅዳር 5 ቀን 1996 ዓ.ም. ሊመልስ ፈረመ እንበል። በውሉ ወለድ አልተጻፈም። ቀኑ ካለፈ በኋላ ሰኔ 10 ቀን 1998 ዓ.ም. 20,000 ብር ከፍሎ ደረሰኝ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ነጋዴው ሞተ፤ የሚጠይቅም ሰው ጠፋ። ግንቦት 20 ቀን 2008 ዓ.ም. አንድ ሰው በስልክ ጠራውና «የሟቹ ልጆች ወክለውኛል፤ ዕዳው ከነወለዱ 95,000 ብር ደርሷል፤ ለጊዜው ግን ስለ መልካም ፈቃድዎ ምልክት 2,000 ብር ቢልኩልኝ ለቀረው እንነጋገራለን» አለው።

ይህ ሰው 20,000 ብር ባይከፍል ኖሮ ዐሥሩ ዓመት ኅዳር 5 ቀን 2006 ዓ.ም. በሞላ ነበር። ከፍሏልና ቈጠራው ከሰኔ 10 ቀን 1998 ዓ.ም. እንደገና ጀምሮ ሰኔ 10 ቀን 2008 ዓ.ም. ይሞላል። ስልኩ የተደወለው እንግዲህ ሃያ ቀን ሲቀረው ነው። ሠራተኛው ግንቦት 22 ቀን 2,000 ብር ቢልክ ኖሮ፥ ቈጠራው እንደገና ተጀምሮ እስከ ግንቦት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ሊከሰስ የሚችል ሰው በሆነ ነበር። የ2,000 ብሩ ዋጋ ዐሥር ዓመት ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ የደረሰበት ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ደብተሩን አውጥቶ መጻፍ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደ ተባለው፥ ነገሩን በዚያው ቀን ሳይውል ሳያድር ይጻፈው። የተጠየቀበትን ቀንና ሰዓት፥ የጠያቂውን ሙሉ ስምና የደወለበትን ቍጥር፥ በማን ስም እንደሚጠይቅ፥ ስንት ብር እንዳለና ከዚያ ውስጥ ዋናው ስንት ወለዱ ስንት እንደ ሆነ፥ በየትኛው ወረቀት እንደሚመካ ይመዝግብ። የተናገረውን ቃል እንዳለ ይጻፍ እንጂ የመሰለውን አይጨምርበት። ራሱ የመለሰውንም ቃል እንዲሁ ይጻፍ። የስልክ መልእክት ደርሶት እንደ ሆነ አያጥፋው።

በሚቀጥለው ገጽ ደግሞ የድሮውን ነገር በተራ ያስፍር። ገንዘቡ መቼ ተወሰደ? መቼ ሊመለስ ተባለ? ከዚያ ወዲህ ምን ተከፈለ? ለማንስ ተከፈለ? ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ወይም የባንክ ወረቀት አለን? ያላስታወሰውን «አላስታውስም» ብሎ ይተወው። በተለይ የመጨረሻው ክፍያ የተከፈለበት ቀን ተለይቶ ይታወቅ፤ ከላይ እንዳየነው የይርጋው ነገር ሁሉ የሚዞረው በዚያ ቀን ላይ ነውና።

ለጠያቂው በአፍ የሚሰጠው መልስ አጭር ይሁን። «ያሉትን ሰምቻለሁ። ጥያቄዎን ከማስረጃው ጋር በጽሑፍ ይላኩልኝ፤ አይቼ በጽሑፍ እመልሳለሁ» ማለት ይበቃል። «አውቀዋለሁ»፥ «ትንሽ ታገሡኝ»፥ «ከበዓል በኋላ» የሚሉ የትሕትና ቃሎች በሌላ ጊዜ የሚያስመሰግኑ ሲሆኑ በዚህ ጊዜ ግን ዕዳውን እንደ ማመን ሊተረጐሙ ይችላሉ፤ በመልእክት ተጽፈው ከተላኩ ደግሞ ማስረጃ ሆነው ይቀመጣሉ። ሐሰት መካድም አይገባም። ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ነውና፥ ዛሬ በስልክ የካደ ሰው ነገ በዳኛ ፊት ማል ሊባል ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሚላከው ደብዳቤ እንዲህ ያለ ሊሆን ይችላል፤

«ግንቦት 20 ቀን 2008 ዓ.ም. በስልክ ስላቀረቡልኝ ጥያቄ። መልስ ለመስጠት እንድችል፥ የውሉን ቅጂ፥ የወራሾቹን የወራሽነት ማስረጃ፥ እርስዎ የተወከሉበትን የውክልና ሥልጣን፥ እንዲሁም ዋናውን ገንዘብ፥ ወለዱንና እስከ ዛሬ የተከፈለውን ለይቶ የሚያሳይ ሒሳብ እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ። የውሉን ዋና ጽሑፍም ለማየት እንድችል ቀን እንዲወስኑ አሳስባለሁ። ይህ ደብዳቤ ዕዳውን ማመን ወይም ማናቸውንም መብቴን መተው አይደለም።»

ይህ ደብዳቤ አያምንም፥ አይክድም፥ አይሳደብም። ቅጂው ከደብተሩ ጋር ይቀመጥ፤ የተላከበትም ቀን ይጻፍበት።

ወረቀቶቹ በመጡ ጊዜ ሦስት ነገር ይመረመራል። መጀመሪያ ውሉ ነው፤ ፊርማው የራሱ መሆኑንና የሁለት ምስክሮች ፊርማ መኖሩን ይመልከት። ሁለተኛው የሰውየው ሥልጣን ነው። ወራሾች ነን የሚሉ ከፍርድ ቤት ማስረጃ፥ ወኪል ነኝ የሚልም በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ ውክልና ማምጣት አለባቸው። ዕዳውን ገዝቻለሁ ወይም ተላልፎልኛል የሚልም ቢኖር የተላለፈበትን ውል ያሳይ። ሥልጣን ለሌለው ሰው የከፈለ ባለዕዳ ለእውነተኛው ባለመብት ሁለተኛ ሊከፍል ይችላልና ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ሦስተኛው ሒሳቡ ነው። ግለሰቦች በብድር ውል ሊስማሙበት የሚችሉት ወለድ በዓመት ከ100 ብር 12 ብር እንዳይበልጥ ሕጉ ወስኗል። በምሳሌያችን ውሉ ስለ ወለድ ምንም አይልም፤ ስለዚህ ጠያቂው የጨመረውን 55,000 ብር ከየት እንዳመጣው በጽሑፍ ማስረዳት አለበት።

ዐሥሩ ዓመት አልፎ ከተገኘስ? ዳኛው ራሱ አንሥቶ «ይህ ነገር በይርጋ ታግዷል» አይልም፤ መቃወሚያውን ማቅረብ የባለዕዳው ፈንታ ነው። ስለዚህ መጥሪያ የደረሰው ሰው «የቆየ ዕዳ ስለ ሆነ ምንም አያመጣብኝም» ብሎ ቢቀር፥ ሊያሸንፍ የሚችለውን ነገር በሌለበት ይፈረድበታል።

ይርጋ የማያድንበትም ጊዜ አለ። አበዳሪው በዝምድና ወይም ለባለዕዳው ታዛዥ ሆኖ በመኖሩ ምክንያት ሳይከስ የቀረ እንደ ሆነ፥ ፍርድ ቤቱ መቃወሚያውን ላይቀበለው ይችላል። አጎቱን የተበደረ ወይም ከሎሌው የተበደረ ጌታ ይህን ያስብ። ቀድሞ ፍርድ የተሰጠበት ዕዳ ከሆነም የሚቈጠረው ፍርዱን ለማስፈጸም የተሰጠው ዐሥር ዓመት ነውና፥ ያለፈ ፍርድ መኖሩ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በሽማግሌ ጉባኤ ነው። ሽማግሎች ስለ ሰላም ተሰብስበው «አለብኝ ብለህ ፈርም፤ የሚከፈልበትን ቀን በኋላ እንወስናለን» ይላሉ። የተፈረመው ቃለ ጉባኤ ግን የጽሑፍ እምነት ነው፤ አዲስ ዐሥር ዓመት ያስጀምራል። ወደ ሽማግሌ መሄድ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን መጠኑ፥ ቀኑና የሚከፈለው ሰው ሁሉ ተወስኖ ካልተጻፈ በቀር አይፈረም።

የሠራተኛችንን ነገር እንጨርስ። ወራሾቹ ማስረጃቸውን ያመጡት በሐምሌ ነው፤ ይርጋውም ሞልቷል። ሠራተኛው ግን 40,000 ብር በእርግጥ እንደ ቀረበት ደብተሩ ነግሮታል። ይርጋ ክስን ያግዳል እንጂ ኅሊናን አያሳርፍም ብሎ፥ 40,000ውን ብቻ ያለ ወለድ ሊከፍል፥ እነርሱም ከዚህ ሌላ ምንም ላይጠይቁ በጽሑፍ ተስማሙ። በይርጋ የታገደ ዕዳ በፈቃድ ከተከፈለ በኋላ መልሱልኝ ማለት እንደማይቻልም አውቆ ከፈለ። ገንዘቡን በባንክ ለወራሾቹ አስገባ፤ ደረሰኝ ተቀበለ፤ የውሉንም ዋና ጽሑፍ «ተከፍሎ አልቋል» ተብሎ ተፈርሞበት ወሰደ። ያስጠየቀው 95,000 ብር ነበር፤ የከፈለው ዕዳውን ብቻ ነው።

ውሉ፥ ደረሰኞቹና ደብተሩ በአንድ ስፍራ ይቀመጡ፤ ስፍራውንም የቤቱ እመቤት ትወቅ። ባለዕዳው ቢሞት ጠያቂው የሚመጣው ወደ እርስዋና ወደ ልጆቹ ነው፤ ያን ጊዜ ስለ እርሱ የሚመሰክረው ይህ ወረቀት ነው።