ቤት የሚያከራየው ሰው የማከራየት መብት እንዳለው እንዴት ይጣራል?

ከድሬዳዋ መሐል ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው መልካ ጀብዱ፣ የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአካባቢው ከተገነባ ወዲህ ከሌላ ቦታ ለሥራ የሚመጡ ሰዎች ቤት የሚፈልጉበት ሰፈር ሆኗል። አዲስ መጪ ተከራይ አካባቢውን አያውቅም፤ የሚያየው በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወይም በስልክ የደረሰው ማስታወቂያ ነው፤ የሚያገኘውም ደላላንና ቁልፍ የያዘን ሰው ነው። ቁልፍ መያዝ ግን የማከራየት መብት መኖሩን አያረጋግጥም። ቁልፉ በጠባቂ፣ በዘመድ ወይም ውሉ ባለቀበት ተከራይ እጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተከራይ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ለሁለት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት ይኖርበታል፤ ቤቱ የማን ነው? ቀርቦ የሚዋዋለው ሰውስ ባለቤቱ ካልሆነ በምን ሥልጣን ያከራያል?

ጉዳዩን ግልጽ ለማድረግ ለማብራሪያ ብቻ የቀረበ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ለፋብሪካ ሥራ ወደ ድሬዳዋ የመጣች አንዲት ሠራተኛ በመልካ ጀብዱ ግቢ ያለው ባለሁለት ክፍል ቤት በወር 6,000 ብር እንደሚከራይ ትሰማለች። ቤቱን የሚያሳያት ሰው ቤቱ ጅቡቲ የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ መሆኑን፣ እርሱም ውክልና እንዳለው ይነግራታል። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ፎቶ በስልኩ ያሳያታል፤ ሌሎች ፈላጊዎች ስላሉም የስድስት ወር ኪራይ፣ ማለትም 36,000 ብር፣ በዚያው ዕለት እንድትከፍል ይጠይቃል። ሰውየው የሚናገረው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሠራተኛዋ እስካሁን ያየችው ነገር የትኛውንም ጥያቄ አይመልስም።

ካርታው የማን ነው?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1195 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለሀብትነት ምስክር ወረቀት በስሙ የተሰጠው ሰው የንብረቱ ባለሀብት እንደሆነ ይገመታል ይላል። ይህ ግምት ግን የመጨረሻ አይደለም። በቁጥር 1196 እንደተመለከተው፣ ምስክር ወረቀቱ ሥልጣን በሌለው አካል ወይም ከደንቡ ውጭ የተሰጠ ከሆነ፣ ወይም ወረቀቱ ከተሰጠ በኋላ ንብረቱ ለሌላ ሰው ከተላለፈ፣ ግምቱ በማስረጃ ሊፈርስ ይችላል።

በመሆኑም የካርታው ፎቶ ወይም ፎቶኮፒ ብቻውን በቂ አይደለም። ፎቶው የሚያሳየው በተነሣበት ዕለት የነበረውን ሁኔታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ቢሸጥ፣ ስሙ ቢዛወር ወይም በፍርድ ቤት ቢታገድ ከፎቶው ላይ አይታይም። ተከራይ ዋናውን ካርታ ማየት፣ በላዩ ያለውን ስምና ፎቶግራፍ ከባለይዞታው መታወቂያ ጋር ማነጻጸር፣ ቀበሌውና የቤት ቁጥሩ ለኪራይ ከቀረበው ቤት ጋር መግጠሙን ማየት ይኖርበታል። በካርታው ላይ ያለው የቦታ ስፋት ከግቢው ጋር በዓይን እንኳ የማይቀራረብ ከሆነ፣ የቀረበው ካርታ የሌላ ቦታ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ማረጋገጫ በመሥሪያ ቤት ከሚገኘው መዝገብ ጋር ማገናዘብ ነው። የሰው ይዞታ መረጃ ለጠየቀ ሁሉ ስለማይሰጥ፣ የተሻለው መንገድ ባለይዞታው ወይም ወኪሉ ከተከራዩ ጋር አብሮ ወደ ቀበሌውና የይዞታ መረጃ ወደሚገኝበት የአስተዳደሩ መሥሪያ ቤት እንዲሄድ መጠየቅ ነው። እውነተኛ አከራይ በዚህ ጥያቄ የሚያጣው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። አብሮ ለመሄድ በየጊዜው ምክንያት የሚፈጥር ሰው ግን ሊያሳስብ ይገባል። የጎረቤት ምስክርነትም ጠቃሚ ነው፤ በግቢው ማን እንደሚኖር፣ ቤቱን ማን እንደሠራው፣ ስለ ቤቱ ክርክር መኖር አለመኖሩን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያውቀው ጎረቤት ነው።

የመብራትና የውኃ ደረሰኝ ባለቤትነትን አያረጋግጥም። ቆጣሪው በቀድሞ ባለቤት ወይም በተከራይ ስም የሚቆይበት ጊዜ አለ። ደረሰኞች ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር የሚታዩ አመላካቾች ብቻ ናቸው።

ውክልናው ምን ይፈቅዳል?

ባለቤቱ በሌለበት የሚያከራየው ሰው ውክልና ማሳየት አለበት፤ ውክልና መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ ይዘቱ መነበብ አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልናን ከልዩ ውክልና ይለያል። ጠቅላላ ውክልና ለተወካዩ የአስተዳደር ሥራዎችን የመፈጸም ሥልጣን ይሰጣል፤ በቁጥር 2204 መሠረትም ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት ከአስተዳደር ሥራዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ቤቱን ለሁለት ዓመት ሊያከራይ ይችላል፤ ለአምስት ዓመት ለማከራየት ግን ይህን በግልጽ የሚፈቅድ ልዩ ሥልጣን ያስፈልገዋል። ልዩ ውክልና በአንጻሩ የሚያገለግለው በውስጡ ለተጠቀሰው ጉዳይና ከዚያ ጋር ለተያያዙ ነገሮች ብቻ ነው።

በምሳሌው ሠራተኛዋ የውክልናውን ወረቀት አምጣ ብላ ስታነብ፣ ሰውየው «ግብር እንዲከፍልልኝ፣ የመብራትና የውኃ ጉዳዬን በየመሥሪያ ቤቱ እንዲከታተልልኝ» የሚል ሥልጣን ብቻ ተሰጥቶት ታገኛለች እንበል። ወረቀቱ እውነተኛ ነው፤ ማኅተሙም ትክክል ነው፤ ማከራየትን ግን አይፈቅድም። ሰውየው በዚህ ውክልና ቢዋዋልና ወንድሙ ውሉን አላጸድቅም ቢል፣ ተከራይዋ በቤቱ ባለቤት ላይ የምታነሣው መብት አይኖርም። ገንዘቧን መጠየቅ የምትችለው ከተቀበላት ሰው ብቻ ይሆናል።

ችግሩ ሊቃና የሚችል ነው። ወንድምየው ጅቡቲ በሚገኘው የኢትዮጵያ ሚሲዮን ቀርቦ ማከራየትንና ኪራይ መቀበልን የሚጠቅስ አዲስ ውክልና ሊሰጥ ይችላል። በውጭ አገር የተሰጠ ውክልና በአገር ውስጥ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል መረጋገጡ መታየት አለበት። በአገር ውስጥ የተሰጠ ከሆነ ደግሞ ሰነድ በሚያረጋግጥና በሚመዘግብ መሥሪያ ቤት የተመዘገበ መሆን አለበት፤ በላዩ ያለውን የምዝገባ ቁጥርና ቀን ይዞ ወረቀቱ ከዚያ የወጣ መሆኑንና አለመሻሩን መጠየቅ ይጠቅማል። ውክልና በሰጪው ሊሻር ይችላል፤ በመርህ ደረጃ ሰጪው ሲሞትም ይቋረጣል። አሮጌ ውክልና በሚቀርብበት ጊዜ ከባለቤቱ ጋር በምስል ስልክ መነጋገርና ፊቱን በካርታው ላይ ካለው ፎቶግራፍ ጋር ማስተያየት ቀላል ጥንቃቄ ነው።

የትዳር ጓደኛ ፊርማ

ብዙ ተከራዮች የማያስቡት ነጥብ ይህ ነው። በድሬዳዋ ተፈጻሚ የሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 68 የባልና ሚስት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለማከራየት የሁለቱም ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። በካርታው ላይ የአንዱ ስም ብቻ መኖሩ ቤቱን የግሉ አያደርገውም፤ በአንቀጽ 63 መሠረት ንብረት በአንደኛው ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል።

በምሳሌው ባለይዞታው ባለትዳር ሆኖ ባለቤቱ ድሬዳዋ የምትኖር ከሆነ፣ ውክልናው የተሟላ ቢሆን እንኳ የእርሷ ስምምነት ያስፈልጋል። ያለ ስምምነቷ የተደረገ ውል በእርሷ አመልካችነት በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል። አንቀጽ 69 ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ ውሉን ካወቀችበት ቀን አንሥቶ ስድስት ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ነው። መፍትሔው ሁለቱም በውሉ ላይ እንዲፈርሙ ወይም ስምምነቷ በጽሑፍ እንዲያያዝ ማድረግ ነው። አከራይ ያላገባ ወይም የተፋታ እንደሆነ ከገለጸም የጋብቻ ሁኔታውን የሚያሳይ ማስረጃ መጠየቅ ይቻላል።

ሌሎች የሚያጋጥሙ ሁኔታዎች

የካርታው ባለስም በሞተበት ጊዜ በቤቱ የሚኖረው ልጅ ብቻውን ባለቤት ነው ማለት አይደለም፤ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ታይቶ በውስጡ የተጠቀሱት ወራሾች ሁሉ ቢፈርሙ ይመረጣል። ቤቱን ገዝቶ ስሙን ገና ያላዛወረ ሰው የተረጋገጠ የሽያጭ ውሉን ማቅረብ ይኖርበታል። የሚያከራየው ሰው ራሱ ተከራይ ከሆነ የባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። የቀበሌ ቤት ደግሞ ተከራዩ በግሉ ለሦስተኛ ወገን የሚያከራየው ንብረት ስላልሆነ፣ ቤቱ የቀበሌ መሆን አለመሆኑን ቀበሌውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ክፍያ መቼና እንዴት?

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች የኪራይ ውል በጽሑፍ መደረግና በተፈረመ በ30 ቀናት ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል ቀርቦ መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ሊያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ ሊበልጥ አይችልም፤ ክፍያው የሚፈጸመውም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ ነው።

እነዚህ ድንጋጌዎች ማንነትን ለማጣራትም ያገለግላሉ። በወር 6,000 ብር ለሚከራይ ቤት ሊጠየቅ የሚችለው ከፍተኛው ቅድሚያ ክፍያ 12,000 ብር ነው፤ 36,000 ብር በጥሬ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከሕጉ ውጭ እየጠየቀ ነው። በባንክ ሲከፈል ደግሞ የሒሳቡ ባለቤት ስም ይታያል፤ ስሙ የካርታው ባለይዞታ ወይም ኪራይ እንዲቀበል የተወከለው ሰው መሆን አለበት። የሦስተኛ ሰው ሒሳብ ከተሰጠ ክፍያውን ማቆም ይገባል። የባለቤትነት መብት የሌለው ሰው ውሉን በመሥሪያ ቤት ለማስመዝገብ አብሮ መቅረብን ስለሚሸሽ፣ ገንዘቡን ከምዝገባው ጋር በአንድ ቀን ለመክፈል መስማማት ጥሩ ጥበቃ ነው። «ቤቱ እንዳያመልጥ» በሚል የሚጠየቅ ቀብድም ይህ ማጣራት ሳይጠናቀቅ ባይሰጥ ይመረጣል።

ተከራይ ከተታለለ በኋላ ጉዳዩን ያወቀ እንደሆነ፣ ሳይዘገይ ለፖሊስ ማመልከት አለበት። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የተመለከተው የማታለል ድርጊት በእስራትና በመቀጮ ያስቀጣል። የባንክ ደረሰኙ፣ ማስታወቂያው፣ የስልክ መልእክቶቹ፣ የተሰጠው የካርታና የውክልና ቅጂ እንዲሁም የደላላው ማንነት ለምርመራው ማስረጃ ስለሚሆኑ ሊሰረዙ ወይም ሊጣሉ አይገባም።