ከደመወዝ የተቀነሰው የጡረታ መዋጮ የት ገባ? ለአሠሪ የሚጻፈው የማብራሪያ ደብዳቤ

ሰቆጣ፦ ከአበርገሌ ቆላ የሚመጣውን ዕጣን ሰቆጣ ከተማ ላይ ተረክቦ የሚያበጥርና የሚያከማች አንድ የግል ድርጅት አለ እንበል። በድርጅቱ መጋዘን በጥበቃ ሥራ የተሰማራ የአበርገሌ ተወላጅ በየወሩ 6 ሺህ ብር ደመወዝ ተመድቦለታል። ደመወዙን ሲቀበል በሚፈርምበት የመክፈያ ሰነድ ላይ ከሥራ ግብሩ ቀጥሎ «ጡረታ 7 በመቶ» የሚል ዓምድ አለ፤ በስሙ ትይዩም 420 ብር ተጽፏል። ዕድሜው 59 ዓመት ደርሷል፤ በመስከረም 2019 ዓ.ም. 60 ይሞላዋል። ስለ ጡረታው ቀድሞ ለማወቅ ሲጠይቅ ግን ከሐምሌ 2016 እስከ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ያሉት 14 ወራት መዋጮ በስሙ ገቢ ሆኖ አልተገኘም።

ሰውየውም ድርጅቱም ለአብነት የቀረቡ ናቸው። ጉዳዩ ግን በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ማንኛውንም ሰው ሊገጥም የሚችል ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሽፋን ማግኘት የጀመሩት በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ሲሆን፣ ይህ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል። በሥርዓቱ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ያዋጣሉ። አሠሪው ሁለቱንም አንድ ላይ አድርጎ፣ የደመወዙ ወር ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ገቢ ማድረግ አለበት። ገንዘቡ የሚሰበሰበው በግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በኩል ሲሆን፣ ፈንዱን የሚያስተዳድረውና ጡረታውን የሚወስነው የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። ስሌቱ የሚሠራው በመደበኛ ደመወዝ ላይ ብቻ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያንና የውሎ አበልን ደምሮ ሰባት በመቶ የሚያሰላ ሠራተኛ ያልጎደለ ገንዘብ ጎደለ ሊል ይችላል።

ከጥበቃው ደመወዝ 420 ብር ሲቀነስ አሠሪው 660 ብር ጨምሮ በወር 1 ሺህ 80 ብር በስሙ መግባት ነበረበት። በ14 ወራት ከእርሱ የተቀነሰው 5 ሺህ 880፣ አሠሪው ሊጨምርለት የሚገባው 9 ሺህ 240፣ በድምሩ የጎደለው 15 ሺህ 120 ብር ነው።

ብዙ ሠራተኛ ልብ የማይለው ነገር አለ። በመክፈያ ሰነዱ ላይ «ተቀነሰ» ተብሎ መጻፉ ገንዘቡ ከአሠሪው እጅ ወጣ ማለት አይደለም። የሒሳብ ሠራተኛው የተጣራውን ደመወዝ ወደ ሠራተኞች የባንክ ሒሳብ ሲያዛውር፣ የተቀነሰው ገንዘብ በድርጅቱ ሒሳብ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ገበያ ቀዝቅዞ ጥሬ ገንዘብ ሲያጥር ለነዳጅ፣ ለጆንያ ወይም ለመኪና ኪራይ ይውላል፤ በሚቀጥለው ወር አብሮ ይከፈላል ተብሎም ይታለፋል። አንድ ወር ሁለት፣ ሁለቱም ስድስት የሚሆኑት በዚህ መንገድ ነው።

ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። አሠሪው ገንዘቡን በጊዜው ከፍሎ፣ ነገር ግን አብሮ በሚያቀርበው የሠራተኞች ዝርዝር ላይ ስም ወይም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። በኽምጣንኛና በአማርኛ አጠራር መካከል አንድ ስም በሁለት ዓይነት ፊደል በሚጻፍበት በዋግ ኽምራ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ሲሆን ገንዘቡ ገብቷል፤ ባለቤቱን ግን አላገኘም። ሁለቱ ጥፋቶች ከሠራተኛው ወገን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው። ደብዳቤው ክስ ሳይሆን የማብራሪያ ጥያቄ ሆኖ መጻፍ ያለበትም ስለዚህ ነው።

ማብራሪያ መጠየቅ ልመናም አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጠቅላላ ደመወዙን፣ የተቀነሰውን ገንዘብ መጠንና ዓይነት እንዲሁም የተጣራውን ክፍያ የሚያሳይ መዝገብ እንዲይዝ ያስገድደዋል። ሠራተኛው ሲጠይቅም መዝገቡን የማሳየትና ይዘቱን የማስረዳት ግዴታ አለበት። ሠራተኛው ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በአሠሪው ላይ በተመሠረተ ክርክር መካፈሉ ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆንም ይኸው አዋጅ ደንግጓል።

ከደብዳቤው በፊት ማስረጃ ይሰበሰባል። የባንክ ሒሳብ መግለጫ እዚህ ላይ የሚረዳው በጥቂቱ ነው፤ የተጣራውን ክፍያ እንጂ ከምን ላይ ምን እንደተቀነሰ አያሳይምና። ዋናው ማስረጃ የመክፈያ ሰነዱ ነው። ድርጅቱ ለየሠራተኛው የደመወዝ መግለጫ ወረቀት የማይሰጥ ከሆነ፣ ሠራተኛው በሚፈርምበት ዕለት ወሩን፣ ጠቅላላ ደመወዙንና የተቀነሰውን በራሱ ደብተር ላይ ቢይዝ በኋላ ጥያቄውን በትክክለኛ ቁጥር ማቅረብ ይችላል። የቅጥር ደብዳቤውም አብሮ ይቀመጥ።

የጥበቃው ደብዳቤ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል።

ቀን፦ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ሰቆጣ

ጉዳዩ፦ ከደመወዜ ስለተቀነሰ የጡረታ መዋጮ ማብራሪያ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ከጥር ወር 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በድርጅቱ በመጋዘን ጥበቃ ሥራ በማገልገል ላይ እገኛለሁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. እስከ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ባሉት 14 ወራት ከደመወዜ በየወሩ ብር 420፣ በድምሩ ብር 5 ሺህ 880 ለጡረታ መዋጮ መቀነሱን በመክፈያ ሰነዱ ላይ ተመልክቻለሁ። ይሁን እንጂ ባደረግሁት ማጣራት የእነዚህ ወራት መዋጮ በስሜና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬ ገቢ ሆኖ አላገኘሁትም።

ስለሆነም መዋጮው ከድርጅቱ ድርሻ ጋር ገቢ ተደርጎ ከሆነ የየወሩ ደረሰኝና ስሜ ያለበት የሠራተኞች ዝርዝር ቅጂ እንዲሰጠኝ፤ ገቢ ካልተደረገም ምክንያቱና የሚከፈልበት ቀን ይህ ደብዳቤ ከደረሰበት ዕለት አንሥቶ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር

አሥሩ ቀን ሕግ የወሰነው ሳይሆን ጸሐፊው የሚሰጠው ጊዜ ነው። ያለ ቀነ ገደብ የተጻፈ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። ከደረሰኙ ጋር የሠራተኞች ዝርዝር መጠየቁም ያለ ምክንያት አይደለም። ደረሰኙ ድርጅቱ በጠቅላላው ስንት ብር እንደከፈለ እንጂ ለማን ለማን እንደከፈለ አይናገርም። የአሥራ ሁለት ሠራተኛ ድርጅት የዘጠኙን ብቻ ከፍሎ እውነተኛ ደረሰኝ ሊያሳይ ይችላል።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል። አንዱ ለመዝገብ ቤት ይሰጣል፤ በሁለተኛው ላይ የተቀባዩ ስም፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም እንዲሁም የገቢ ቁጥር ካለ እርሱ ሰፍሮ ለሠራተኛው ይመለሳል። አንቀበልም ከተባለ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ መላክ ይቻላል። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ለመንግሥት አካል ግልባጭ ማድረግ ብዙ ጊዜ አይጠቅምም። ስሕተቱ የስም አጻጻፍ ብቻ ከሆነ፣ በአንድ ቀን የሚታረመውን ጉዳይ ወደ ጠብ ይለውጠዋል።

ሊመጡ ከሚችሉት መልሶች ሁለቱ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው «ሰነዱ በጦርነቱ ጠፍቷል» የሚለው ነው። በሰሜኑ ጦርነት የአበርገሌና የጻግብጂ ነዋሪዎች ወደ ሰቆጣ ተፈናቅለው እንደነበርና የአካባቢው ተቋማትም እንደተጎዱ የሚታወቅ ስለሆነ፣ ለዚያን ጊዜ መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ላሉት ወራት ግን ምክንያት አይሆንም። በጦርነቱ ወራት ደመወዝ ያልተከፈለው ሠራተኛ ካለም እነዚያን ወራት ከዚህኛው ጥያቄ ለይቶ ማቅረቡ ይሻለዋል፤ ደመወዝ ባልተከፈለበት ወር ተቀንሶ የቀረ ገንዘብ የለምና።

ሁለተኛው መልስ ማር የተቀባ ነው፦ «የተቀነሰብህን 5 ሺህ 880 ብር በእጅህ እንመልስልህና ይለቅ።» ገንዘቡ ለተቸገረ ሰው ያጓጓል። ነገር ግን ከአሠሪው የሚጠበቀው 9 ሺህ 240 ብር በዚያው ይቀራል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ 14ቱ የአገልግሎት ወራት ያለ መዋጮ ይቀራሉ።

እነዚህ ወራት ለጥበቃው ምን ያህል እንደሚመዝኑ ማስላት ይቻላል። ከጥር 2008 እስከ መስከረም 2019 ዓ.ም. ያገለገለው 10 ዓመት ከ8 ወር ነው። ድርጅቱ ከ14ቱ ወራት በስተቀር መዋጮውን፣ የጦርነቱን ጊዜ ጨምሮ፣ ሳያቋርጥ ከፍሏል ብለን እንያዝ። በዕድሜ ጣሪያ ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ ዕድሜ ልክ የሚከፈል አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልገዋል። ጥበቃው ይህን ካሟላ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ ቢያንስ 30 በመቶ፣ ማለትም 1 ሺህ 800 ብር በየወሩ ያገኛል። 14ቱ ወራት ካልተያዙለት ግን አገልግሎቱ ወደ 9 ዓመት ከ6 ወር ይወርድና ከአበል ይልቅ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ይጠብቀዋል። ዳረጎቱ የአንድ ወር ከሩብ ደመወዝ በአገልግሎት ዓመታት ተባዝቶ ሲሰላ ከ71 ሺህ ብር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ይህ ገንዘብ ከ40 ወር አበል ጋር እኩል አይሞላም። ባልና አባት ከሆነም፣ ባለአበል ሲሞት ለሚስትና ለልጆች የሚተላለፈው የተተኪዎች አበል አብሮ ይቀራል።

የተሰጠው ጊዜ አልፎ መልስ ካልመጣ፣ ወይም ድርጅቱ አለመክፈሉን አምኖ ቀን ካልቆረጠ፣ ማኅተም ያረፈበት ቅጂና የመክፈያ ሰነዱ ተያይዘው ለማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሩ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤትና መዋጮውን ለሚሰበስበው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይቀርባሉ። አሠሪው ውዝፉን ከነወለዱና ቅጣቱ እንዲከፍል የማስገደድ ሥልጣን በጡረታ ሕጉ ተሰጥቷል፤ ገንዘቡ በባንክ ካለው ሒሳቡ ላይ እንዲወሰድ ማድረግም ይቻላል። መዝገብ አላሳይም ማለትን የመሰለ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ጥሰት ደግሞ ለሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ አቤቱታ ነው። በዚህ ደረጃ የሚጻፈው ደብዳቤ ለአሠሪው ግልባጭ ሊደረግ ይገባል።

መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች እንዲሁም ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። ጥያቄያቸውም ለመሥሪያ ቤታቸው የሰው ሀብት ክፍልና ደመወዛቸውን ለሚከፍለው የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። በግሉ ዘርፍ ደግሞ ሽፋኑ ለቋሚ ሠራተኛ ብቻ ይመስላቸው የነበሩ አሉ። ከ45 ቀናት ላላነሰ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛም በሕጉ ይካተታል። ለአንድ የበጋ ወቅት ዕጣን ለመድማት ወይም ለማበጠር በደመወዝ የሚቀጠር የአበርገሌ ወጣት በመክፈያ ሰነዱ ላይ የጡረታ ዓምድ ጭራሽ ካላየ እርሱም የሚጠይቀው ጥያቄ አለው። የእርሱ ደብዳቤ የሚጀምረው ግን «ለምን አልተቀነሰም?» ከሚለው ነው።