የልጅ ሆድ ሕመም፦ መቼ በትዕግሥት፣ መቼ በጥድፊያ?

ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ሆዱን ሲያመው «የት ጋ ነው?» ቢሉት አብዛኛውን ጊዜ በጣቱ አንድ ቦታ አያሳይም። መዳፉን እምብርቱ ላይ ያሳርፍና ዙሪያውን ያሻል። ይህ ማስመሰል አይደለም። ትንሹ አንጀትና ትርፍ አንጀት የሕመም መልእክታቸውን የሚልኩት በተቀራረበ የነርቭ መስመር ስለሆነ፣ አእምሮ ከየትኛው እንደመጣ መለየት አይችልም፤ ሁሉንም እምብርት ዙሪያ እንዳለ አድርጎ ይሰማዋል። ስለዚህ ቀላሉም ከባዱም ሕመም ከዚያው ቦታ ሊጀምር ይችላል። የሚለያዩት በአካሄዳቸው ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፣ ሦስተኛ ክፍል። ሁለት ወር ሙሉ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሆዷን ይቆርጣታል፤ ጥቂት ቆይቶ ይለቃትና ተመልሳ ትጫወታለች። እናቷ ወስፋት ነው ብለው ሁለት ጊዜ መድኃኒት ሰጥተዋታል፤ ለውጥ የለም። ጤና ጣቢያ ስትመረመር ትኩሳት የላትም፣ ክብደቷ አልቀነሰም፣ ሕመሙ ከእንቅልፏ ቀስቅሷት አያውቅም። ሆዷ በእጅ ሲዳሰስ ግን በግራ በኩል ወደ ታች ጠጠር ያለ ነገር አለ። ሽንት ቤት ስለ መሄዷ ስትጠየቅ ዝም ብላ ቆየችና «የትምህርት ቤታችን በር የለውም» አለች። ቀኑን ሙሉ ይዛው ትውላለች፤ ሦስት ቀን ቆይታ የምትወጣውም ደረቅና የሚያሳምም ነው።

የሆድ ድርቀት በዚህ ዕድሜ እምብርት ዙሪያ ለሚመላለስ ሕመም ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። መፍትሔው የሚጀምረው ከልማድ ነው፤ ምግብ ከበላች በኋላ አንጀት ራሱ ስለሚንቀሳቀስ፣ በየቀኑ ከቁርስ ወይም ከራት ቀጥሎ ሳትቸኩል ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ሽንት ቤት ትቀመጥ። ውኃ፣ ምስር፣ ጎመንና ፓፓያ ያግዟታል። ሐኪም ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት ካዘዘ ደግሞ ሻል ሲላት ወዲያው አይቋረጥም፤ የተለጠጠ አንጀት ወደ ቦታው ለመመለስ ወራት ሊፈጅበት ይችላል።

ወስፋትም እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን በግምት መድኃኒት ከመደጋገም የሰገራ ምርመራ ይሻላል። ለወስፋት የሚሰጠው የአንድ ጊዜ አልቤንዳዞል ለጃርዲያ በቂ አይደለም። ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ የሚቀጥልባቸው ልጆችም ብዙ ናቸው። የእነዚህ ልጆች የአንጀት ነርቭ ከሌላው ይልቅ ስሜቱ የተሳለ ነው፤ ፈተና ወይም የክፍል ጉልበተኛ ሲያስጨንቃቸው ይብስባቸዋል። ሕመሙ እውነት ነውና «ሰበብ ነው» አይባሉም፤ ከትምህርት ቤት ማስቀረትም አይበጃቸውም።

አደጋው ቤተሰቡ ሕመሙን ከለመደው በኋላ ነው። ያቺው ልጅ አንድ ማታ እንደ ወትሮው «እምብርቴን» አለች እንበል። ይህኛው ግን አለቀቃትም። ራት አልፈልግም አለች፤ ቆይቶ አስመለሳት። ሲነጋ ሕመሙ ከእምብርቷ ወርዶ በቀኝ በኩል ከብሽሽቷ በላይ ሰፍሯል፤ ስትራመድ ጎንበስ ትላለች፤ ዝለዪ ቢሏት አትችልም። የትርፍ አንጀት ሕመም በአብዛኛው የሚሄደው እንዲህ ነው። እብጠቱ የሆድን ውስጠኛ ሽፋን ሲነካ አእምሮ ቦታውን ለይቶ ያውቀዋል። በትንንሽ ልጆች ግን ይህ ቅደም ተከተል ላይታይ ይችላል።

እዚህ ላይ መጠበቅ አይገባም። ትርፍ አንጀቱ ከፈነዳ ሕመሙ ለጊዜው ቀለል ሊል ይችላል፤ ያ መዳን አይደለም፤ መግል ሆድ ውስጥ እየተሰራጨ ነው። ወደ ሆስፒታል እስኪደርሱ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይስጧት፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችልም ምግብ ይቅርባት።

ሌሎችም በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጡ ምልክቶች አሉ፦ አረንጓዴ ትውከት፣ ደም ያለበት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ሆድ ተነፍቶ ፈስም ሰገራም እንቢ ማለት። የኋለኛው የወስፋት ክምር አንጀትን ሲዘጋም ይመጣል። ወንድ ልጅ ከሆነ ቆለጡን ያመው እንደሆነ ይጠየቅ፤ አፍሮ «ሆዴን» ሊል ይችላል፤ የተጠማዘዘ ቆለጥ የሚተርፈው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከተደረሰለት ነው።

ክብደት መቀነስ፣ ዕድገት መቆም፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ የማይቆም ተቅማጥ፣ የሚመላለስ ትኩሳት ወይም ሁልጊዜ ከእምብርት ራቅ ብሎ አንድ ቦታ የሚያም ከሆነ ደግሞ ቀናት ሳይቆጠሩ ሐኪም ይየው። ልጅዎ ሆዱን ባለው ቁጥር ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከቀድሞው ይረዝማል? ቦታ ቀይሯል? መዝለል ይችላል? ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከወትሮው ከተለየ፣ ሕመሙን እንደ አዲስ ቆጥረው ወዲያው ያስመርምሩት።